ዐሥር ጥያቄ ከአቦል እስከ በረካ

ሲትኮም ለቤተሰብ ጥያቄና መልስ የተመቸ ነገር ነው። ፖለቲካ ከተነሣ ሁለት ሰው ኮቱን አንሥቶ ይወጣል፤ እግር ኳስ ከተነሣ የአርሴናል ደጋፊ ሁሉ እራቱን ሳይጨርስ ያኮርፋል። በሚስተር ቢን ተጣልቶ የተኳረፈ ወንድምና እኅት ግን እስካሁን አልሰማሁም። ዘንድሮ ለታንክስጊቪንግ ሲልቨር ስፕሪንግ እኅቴ ቤት ስንሰበሰብ ስለ ድሮ ሲትኮሞች ዐሥር ጥያቄ እንዳዘጋጅ ስታዘዝ ያለ ማቅማማት የተቀበልሁት ለዚህ ነው። ያለፈው ዓመት ዓይነት ነገር እንዳይደገም መፍራቴ ግን አልቀረም።

ያለፈውን ያዘጋጀው የአክስቴ ልጅ ነበር። ገና ቡናው ሳይቆላ ስልኩን አወጣና «ሳይንፌልድ ላይ የክሬመር የመጀመሪያ ስም ማን ነው?» ብሎ ጀመረ። መልሱ ኮስሞ ነው። ደራሲዎቹ ራሳቸው ስሙን ለዓመታት ደብቀው የገለጡት በስድስተኛው ምዕራፍ፣ በ1995 ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ይህ ነገር ኋላ ጣጣ ያመጣል።) ተመልካቹ አምስት ምዕራፍ ሙሉ የጠበቀውን ስም ልጁ ከአክስቶቹ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ፈለገው። እናቴ «ክሬመር ማነው? የማን ልጅ ነው?» አለች። እትዬ ወጡን ላማስል ብለው ተነሡ፤ የሚማሰል ወጥ ግን አልነበረም። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ሳሎኑ ውስጥ የቀሩት ጠያቂውና ሶፋው ላይ ያንቀላፉት ጋሼ ብቻ ነበሩ።

የክሬመር ጥያቄ በራሱ መጥፎ አይደለም። የሳይንፌልድ አፍቃሪዎች በተሰበሰቡበት ቤት ከቀላሎቹ ተራ የሚገባ ነው፤ እኅቴ ቤት ደግሞ ዐሥረኛም አይሆንም። የጥያቄ ክብደት የሚለካው በተቀማጩ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ከመደርደሬ በፊት ለሦስት ሰው ለየብቻ ስልክ ደወልሁ፦ ለእናቴ፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ገብታ እንግሊዝኛዋን ከቴሌቪዥን ለተማረችው እኅቴ፣ እና እዚሁ ለተወለደው የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጇ። ሦስቱም የሚያውቁት ጥያቄ መጀመሪያ ይገባል። ሦስቱም የማያውቁት፣ መገመትም የማይቻል ከሆነ፣ ይጣላል። ወርቁ አንዱ አውቆት ሁለቱ የማያውቁት ነው፤ እሱ ከመሐል ጀምሮ ይደረደራል። ዋናው ነገር ግን አዋቂው እንዲቀያየር ነው። ወጣቶች ብቻ የሚመልሷቸው ሁለት ጥያቄዎች ከተከታተሉ እትዬ ወጥ ፍለጋ መሄዳቸው አይቀርም።

ሁለት መልስ ያለውንም ጥያቄ ጣልሁ። ለምሳሌ «ሚስተር ቢን ስንት ክፍል አለው?» የሚለው ጥሩ ይመስላል፤ ምክንያቱም ሁላችንም መቶ ጊዜ ስላየነው መቶ ክፍል ያለው ይመስለናል። እንግሊዞቹ በቴሌቪዥን ያወጡት ግን 14 ክፍል ነው፤ ለቪዲዮ ብቻ የወጣው አንድ ሲጨመር 15 ይሆናል። አንዱ ቡድን 14፣ ሌላው 15 ብሎ ሁለቱም ስልካቸውን ሲያወጡ ጨዋታው አበቃ ማለት ነው። ስልክ ከወጣ በኋላ ማንም ወደ ኪሱ አይመልሰውም።

ደረጃውን የሰጠኝ ቡናው ነው። አቦል ሲቀዳ ቀላሎቹ አራት ጥያቄዎች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ። ቶና ሲደርስ ሦስት መካከለኛ፣ ሁለት ሁለት ነጥብ። በረካ ላይ ሦስት ከባድ፣ ሦስት ሦስት ነጥብ። በየመሐሉ ጀበናው እስኪፈላ ያለው ጊዜ ለመከራከሪያ ይበቃል። ሰውን በሦስት ቡድን ከፈልነው፤ በእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሽማግሌ፣ አንድ አማርኛው የተሰባበረ ወጣት፣ አንድ በመሐል ያለ ሰው። መልሱ በወረቀት ይጻፋል፤ እጅ ያወጣ ይመልስ ከተባለ ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ልጆቹ ናቸው፣ አውቀው ሳይሆን ትከሻቸው ስለማያማቸው። እናቴ የጨመረችው አንድ ሕግ ብቻ ነው፦ እንደ እንቆቅልሽ ጨዋታ ያላወቀ አገር ይስጥ። ነጥብ ለእሷ ምንም አይደለም፤ «አገር ስጠኝ» ማለት ከቀረ ግን ምን ጨዋታ አለ?

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የሚስተር ቢን የቅርብ ጓደኛ ማን ይባላል? መልሱ ቴዲ ነው፤ ቡናማዋ አሻንጉሊት ድብ። ሚስተር ቢን ብዙም ስለማይናገር ቋንቋ አይከለክለውም፤ አዲስ አበባ ያየውና ሜሪላንድ ያየው እኩል ያውቀዋል። ሦስቱም ቡድን ጻፉ። አንዱ ወረቀት ላይ ግን «ቴዲ አፍሮ» የሚል ነበር። እጁ የእትዬ ነው። ግማሽ ነጥብ ይሰጥ፣ አይሰጥ ተብሎ ትንሽ ጉርምርምታ ተነሣና ሙሉውን ሰጠኋቸው። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ሰው አይጣልም።

ሁለተኛው፦ የፍሬንድስ ስድስት ጓደኞች ዘወትር የሚቀመጡበት ቡና ቤት ማን ይባላል? ሴንትራል ፐርክ። ይህንን ወጣቶቹም እኅቴም ያውቁታል። እናቴ የቡና ቤቱን ስም ባታውቅም ፕሮግራሙን ግን አይታዋለች፤ ዐሥር ዓመት ሙሉ፣ ከ1994 እስከ 2004፣ ያ ትልቁ ሶፋ ሁልጊዜ ለእነሱ ባዶ ሆኖ መገኘቱ አሁንም አልዋጥ ብሏታል። «ሥራ የላቸውም?» አለች። ይህን ጥያቄዋን ለሰባተኛው አቆዩልኝ።

ሦስተኛው፦ የፍሬሽ ፕሪንስ ዊል ወደ ቤል ኤር የተላከው ከየትኛው ከተማ ነው? ከፊላደልፊያ። የመክፈቻ ዘፈኑ ራሱ ስለሚናገረው ይህ ጥያቄ የተሰጠ ያህል ነው፤ የሚገርመው ግን ታሪኩን ለእኛ ቤት ማስረዳት አለማስፈለጉ ነው። ልጁ ሰፈር ውስጥ ተደባደበ፣ እናቱ ደነገጠች፣ ሀብታም አጎቱ ጋር ላከችው። ሳሎኑ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ እዚህ አገር የገባው አጎት ጋር ተልኮ ነው። ልዩነቱ የእኛዎቹ አጎቶች ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤትና አሽከር ስላልነበራቸው ብቻ ነው። አራተኛውን፣ ቺርስ የሚባለው መጠጥ ቤት የት ከተማ እንደሚገኝ የሚጠይቀውን፣ ሦስቱም ቡድን ቦስተን ብለው ቶሎ አለፉት። ጀበናው ተመልሶ ተጣደ።

ቶና ላይ ነገሩ መልክ ያዘ። አምስተኛው ጥያቄ ስለ ጎልደን ገርልስ ነው። ከ1985 እስከ 1992 የታየ፣ ማያሚ ውስጥ በአንድ ቤት ስለሚኖሩ አራት ሴቶች የሚያወራ ነው፤ ከአራቱ አንዷ፣ ሶፊያ፣ የዶረቲ እናት ናት። ጥያቄው፦ ከሁለቱ ተዋናዮች በዕድሜ የምትበልጠው ማናት? እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመካከለኛ ደረጃ ይመቻል፤ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፣ ምንም የማያውቅም ይገምታል፣ ጥያቄው መነሣቱ ራሱ ግን ያስጠረጥራል። መልሱ ልጅቱ ናት። ዶረቲን የሠራችው ቢ አርተር በግንቦት 1922፣ እናቷን የሠራችው ኤስቴል ጌቲ በሐምሌ 1923 ነው የተወለዱት። እናቲቱ ከልጇ በአንድ ዓመት ከምናምን ታንሳለች፤ የቀረውን ሜካፑና ነጩ ዊግ ሞላው። እትዬ ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «በእኛም ሰፈር አንዲት ነበረች» ብለው ጀመሩ። ማን እንደሆነች ስላወቅን አስቆምናቸው።

ስድስተኛው የምወደው ነው። ጥር 19 ቀን 1953 ምሽት ላይ «አይ ላቭ ሉሲ» ውስጥ ሉሲ ወለደች። በዚያው ቀን በእውነተኛው ዓለም ምን ሆነ? መልሱ፦ ሉሲን የምትጫወተው ሉሲል ቦል ራሷ ወለደች። ክፍሉ አስቀድሞ የተቀረጸ ነው፤ እሷ የምትወልደው በቀዶ ጥገና ስለነበር ቀኑ ታውቆ ተቀጥሯል፤ ሁለቱ ገጠሙ። ከዚህም የሚብሰው፣ ደራሲዎቹ የታሪኩን ሕፃን ወንድ ይሁን ብለው የጻፉት የሆድ ውስጡን የሚያሳይ መሣሪያ በሌለበት ዘመን ነው፤ እውነተኛውም ወንድ ሆነ። ያን ክፍል 44 ሚሊዮን ያህል ሰው አየው። በማግስቱ አይዘንሃወር ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ያየው 29 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ይህን ጥያቄ ከልጆቹ ያወቀ የለም። ከሽማግሌዎቹም ፕሮግራሙን አይቶ ያወቀ የለም። ግን እናቴ መለሰችው፤ እንዴት አወቅሽ ስትባል «እናት በዚህ ሰዓት ወለደች ተብሎ ከተጠየቀ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» አለች። ለዚህ ነው ለመካከለኛ ደረጃ የመረጥሁት፤ ትዝታ ባይኖርም አስቦ የሚደርሱበት ነው። የአንዱ ቡድን ወረቀት ላይ «መብራት ጠፋ» ተብሎ ተጽፏል። እናቴ አገር ጠየቀች። ካናዳን ሰጧት። «ብርድ ነው» ብላ መለሰችውና በፍሎሪዳ ተቀየረላት።

ሰባተኛው ጥያቄ ስለ ጥያቄ ነው። በ1998 መጀመሪያ በወጣ አንድ የፍሬንድስ ክፍል ሮስ ጓደኞቹ ስለ እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚያውቁ የሚፈትን ውድድር አዘጋጅቶ ወንዶቹንና ሴቶቹን አፋጠጣቸው፤ ሞኒካና ሬቸል የሚኖሩበትን ትልቁን አፓርታማ አስይዘው ተሸነፉና ቤት ለወጡ። ያሸነፋቸው ጥያቄ የትኛው ነው? መልሱ፦ የቻንድለር ሥራ ምንድን ነው የሚለው። በየቀኑ አብረውት ቡና የሚጠጡትን ሰው ሥራ አያውቁትም። ሰውየው ቢሮ ውስጥ የቁጥርና የመረጃ ትንተና ይሠራል፤ ሬቸል ግን በጭንቀት የሌለ የሥራ ስም ፈጥራ ጮኸች።

ሮስ ጥያቄ አዘጋጅ ሆኖ የሠራው ሥራ ብልህ ነው። ሩቅ አልሄደም፤ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ነው የጠየቃቸው። የእኅቴ ልጅ በወረቀቱ ላይ መልሱን ከጻፈ በኋላ ተንኮል መጣበትና የራሱን ጥያቄ ጣለ፦ «ታላቅ ወንድሜ ሥራው ምንድን ነው?» ታላቁ እዚያው ተቀምጧል። እናቱ «ኮምፒዩተር» አለች። አባቱ «ኮምፒዩተር ላይ» ብሎ አስተካከለ። እትዬ «ባንክ ነው መሰለኝ፣ ኮምፒዩተሩ ባንክ ውስጥ ነው» አሉ። ታላቁ ለማስረዳት ከፈንድሻው ሳሕን ጀምሮ አንድ ሁለት ነገር ጠረጴዛው ላይ አሰለፈ፤ አራት ደቂቃ ፈጀ፤ ሲጨርስ እናቱ «አላልኩም? ኮምፒዩተር ነው» አለች። ቶና በዚህ አለቀ።

በረካ ሲቀዳ ሰው መንቀሳቀስ ያቆማል፤ ለከባዶቹ ይህ ሰዓት ነው። ስምንተኛው፦ በ«ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» ውስጥ አርቺ ባንከር ማንም እንዳይቀመጥበት የሚከለክለው ወንበር ዛሬ የት ነው? ፕሮግራሙ በ1971 ተጀምሮ አሜሪካንን በነገረኛ አባወራዋ ያሣቀ ነው። ወንበሩ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በርካሽ የተገዛ ነበር፤ በ1978 ከሚስቱ ከኢዲት ወንበር ጋር ለስሚዝሶኒያን ተሰጥቶ የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ንብረት ሆነ። እኛ ካለንበት በሜትሮ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። እኅቴ ብቻ አወቀችው። ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመት ታክሲ የነዳው የአጎቴ ልጅ ተናደደ፦ «በየቀኑ እኮ በሩ ላይ ሰው አወርዳለሁ!» ገብተህ ታውቃለህ? ተባለ። «ማን ፓርኪንግ ይከፍላል?»

ዘጠነኛውን ሆን ብዬ ማንም የማያውቀው አድርጌዋለሁ፤ ግን የቀረበ ያሸንፋል። ስልክ ብደውልላቸውም ሦስቱም አላወቁትም ነበር፤ ያልጣልሁት በግምት የሚቀርቡት ቁጥር ስለሆነ ነው። «ፎልቲ ታወርስ» የተባለው ዝነኛው የእንግሊዞች ሲትኮም፣ ጆን ክሊዝ ቁጡ የሆቴል ባለቤት ሆኖ የሚሠራበት፣ በጠቅላላ ስንት ክፍል አለው? አሜሪካኖቹ በዓመት ከሃያ በላይ ክፍል ሲያወጡ የኖሩ ናቸውና አንዱ ቡድን በዚያው ስሌት 180 ጻፈ። የታክሲ ነጂው ቡድን 90 አለ። እናቴ ደግሞ «12፣ እንደ ሐዋርያቱ» አለች። መልሱ 12 ነው። ስድስቱ በ1975፣ ስድስቱ በ1979 ወጡ። በመሐሉ ክሊዝና አብራው የምትጽፈውና የምትተውነው ሚስቱ ኮኒ ቡዝ ተፋቱ፤ ከተፋቱም በኋላ ግን ሥራውን አብረው ፈጸሙት። እናቴ ሦስት ነጥቧን እንኳ አልጠየቀችም። ተፋትተው አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ቀልድ ጻፉ የሚለው ነገር ሳሎኑን ያዘው፤ እትዬ ልጅ ነበራቸው ወይ ብለው ጠየቁ፣ አንዲት ሴት ልጅ እንዳለቻቸው ስነግራቸው «ለእሷ ብለው ነው» ብለው ወሰኑ።

ዐሥረኛውን የከባዶች ሁሉ ከባድ አድርጌ ነው ያስቀመጥሁት። «ማሽ» በኮርያ ጦርነት ግንባር ድንኳን ውስጥ ስለሚሠሩ የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች የሚያወራ ሲትኮም ነው። ቀልደኛ ነው፤ ነገር ግን ፕሮዲውሰሮቹ ቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ ካሜራው ሲገባ የተቀዳው የተመልካች ሳቅ እንዲጠፋ ቴሌቪዥን ጣቢያውን ተሟግተው አሳምነዋል። የካቲት 28 ቀን 1983 የወጣውን የመጨረሻ ክፍል ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። ጥያቄው፦ ማሽ በቴሌቪዥን 11 ምዕራፍ ሄደ፤ ጦርነቱ ራሱ ስንት ዓመት ፈጀ?

ልጆቹ ቬትናም መሰላቸው፤ ብዙ አሜሪካዊም ማሽን ሲያይ ቬትናምን ያስባል፣ የተሠራው በዚያ ዘመን ነውና። የታክሲው ቡድን ሰባት ጻፈ። በስልክ ስጠይቃቸው ሦስቱም ያቃታቸው ጥያቄ ነበር፤ አንዱን ሰው ግን አልደወልሁለትም። ጋሼ እስከዚያ ድረስ ሶፋው ላይ አንቀላፍተው ነበር። «ኮርያ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ዓይናቸው ተከፈተ። ማሽ የሚባል ነገር አይተው አያውቁም፤ ታላቅ ወንድማቸው ግን ከቃኘው ሻለቃ ጋር ዘምተው ተመልሰዋል። ወረቀት አልጠየቁም፣ ብዕር አልጠየቁም።

«ከ42 እስከ 45!» አሉ።

ነጥብ የሚይዘው የእኅቴ ልጅ ተነሣ። በትሕትና ነው የተናገረው፣ መቼም የተማረውን ነው፦ «ጋሼ፣ ከ1942 እስከ 45 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው።»

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ?»

«መጽሐፉ ላይ 1950 ነው የሚለው።»

«የማን መጽሐፍ? ወንድሜ ቡሳን የወረደው በ43 ነው። ቁጭ በል!»

ልጁ ቁጭ አለ፤ ስልኩን ግን አወጣ። ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ መቁጠር ጀመረ። እኅቴ ናፕኪን ላይ ስምንት ቀነሰች፣ ባሏ ሰባት ነው የሚቀነሰው አለ፣ እትዬ እንደ ወሩ ነው አሉ፤ ትክክል የነበሩት እትዬ ናቸው። በስተመጨረሻ ተደረሰበት፦ ሰኔ 25 ቀን 1950 በእኛ ሰኔ 18 ቀን 1942 ነው፤ የተኩስ አቁሙ የተፈረመበት ሐምሌ 27 ቀን 1953 ደግሞ በእኛ ሐምሌ 20 ቀን 1945። በየትኛውም ቢቆጠር ሦስት ዓመት ከአንድ ወር። ሐኪሞቹ በቴሌቪዥን ከቆዩበት ጊዜ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ሦስቱን ነጥብ ለጋሼ ቡድን ጻፍሁ። ልጁ ጋሼ የመለሱት ስንት ዓመት ለሚለው ሳይሆን መቼ ለሚለው ነው ብሎ ይግባኝ አለ፤ እናቱ አየት አደረገችው፣ ይግባኙን ተወው።

ጋሼ ግን በነጥቡ አልረኩም። ሶፋው ላይ ቀና ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«አገር ስጠኝ!»

ልጁ አሰበና «ኮርያን ሰጠሁዎት» አለ።

«የትኛዋን? ሰሜኗን ከሆነ አልቀበልም።»